የማኅበር ገቢ በሦስት ግምት



ነሐሴ ሲገባ የየማኅበራቱ ገንዘብ ያዦች የአዲሱን ዓመት በጀት ይዘው ወደ ጉባኤ ይቀርባሉ። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስሌት አጭር ነው፦ የአባላቱ ቁጥር በወር መዋጮው፣ እርሱም በዐሥራ ሁለት ተባዝቶ የዓመቱ ገቢ ይባላል። ጉባኤው ያጸድቃል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ይታቀዳል። ግንቦት ላይ ሣጥኑ ሲከፈት ግን ገንዘቡ ጎድሎ ይገኛል፤ ጉድለቱም ለታመመ መጠየቂያና ለቀብር ከተቀመጠው ይሸፈናል። በዚህ ወር ዓምዳችን ጉድለቱ ከየት እንደሚመጣና በሦስት ግምቶች አማካይነት እንዴት አስቀድሞ እንደሚታይ በአንድ ምሳሌ እናሳያለን። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተዘጋጁ ናቸው እንጂ የማንም ማኅበር ሒሳብ አይደሉም።

በኢየሩሳሌም የሚኖሩ ምእመናን ያቋቋሙት፣ ለፋሲካ የሚመጡ ተሳላሚዎችም የሚመዘገቡበት አንድ ማኅበር እናስብ። በመዝገቡ 200 አባላት አሉ፤ የወር መዋጮው 30 ሼክል ነው። በአጭሩ ስሌት የዓመቱ መዋጮ 72,000 ሼክል ይሆናል። ነገር ግን መዝገብ የሚነግረን ማን አባል እንደሆነ ነው፤ ማን እንደከፈለ የሚነግረን የደረሰኝ ጥራዝ ነው። ገንዘብ ያዡ ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ በየስሙ ሲቆጥር 150 አባላት ዓመቱን ሙሉ ከፍለዋል፤ 30 አባላት ከየካቲት በኋላ አቋርጠዋል፤ 20ዎቹ ግን አንድም ወር አልከፈሉም። በእጅ የገባው መዋጮ 59,400 ሼክል ነው። ከከፈሉት 180 አባላት እያንዳንዱ በአማካይ የ11 ወር መዋጮ ሰጥቷል ማለት ነው። የግምቱ መነሻ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ገቢው የሚያርፍባቸው ነገሮች ለየብቻ ይጠየቃሉ። ከነባሮቹ ስንቱ ይቀጥላሉ? በአማካይ የስንት ወር ይከፍላሉ? ስንት አዲስ አባል ይገባል? ከተሳላሚዎች ምን ያህል ስጦታ ይገኛል? በዚህ ማኅበር አዲስ አባላት አብዛኛውን ጊዜ በፋሲካ ሰሞን ስለሚመዘገቡ፣ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ያለው የአምስት ወር መዋጮ ብቻ ይታሰብላቸዋል። የዓመቱን ሙሉ አድርጎ መቁጠር የተለመደ ስሕተት ነው።

የሚጠበቀው ግምት ያለፈውን ልማድ ይከተላል። ወደ አገሩ የሚመለስና ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ስለማይጠፋ፣ ከ180ዎቹ 160 ይቀጥላሉ፤ በአማካይ የ11 ወር ይከፍላሉ፤ ይህም 52,800 ሼክል ነው። 24 አዲስ አባላት 3,600፣ የተሳላሚዎች ስጦታ ደግሞ በቀደሙት ዓመታት አማካይ 9,000 ሼክል ይጨምራሉ። ድምሩ 65,400 ይሆናል።

የጥንቃቄው ግምት 140 አባላት ቀጥለው የ10 ወር ቢከፍሉ፣ 8 አዲስ አባላት ብቻ ቢመዘገቡ፣ ስጦታውም ወደ 2,000 ቢወርድ ብሎ ይነሣል፤ ድምሩ 45,200 ሼክል ነው። የተስፋው ግምት 170 አባላት የ11 ወር ከፍለው፣ 40 አዲስ አባላት ገብተው፣ ስጦታው 12,000 ቢደርስ ብሎ ይቆጥራል፤ ድምሩ 74,100 ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ልዩነቶቹን አስተውል። ከሚጠበቀው ወደ ተስፋው የሚወጣው 8,700 ሼክል ነው፤ ወደ ጥንቃቄው የሚወርደው ግን 20,200። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ማንም አባል ከ12 ወር በላይ አይከፍልም፤ ስለዚህ ላይኛው ወገን ጣሪያ አለው። የሚቀረው አባልና የሚዘገየው ክፍያ ግን በቀላሉ አይገታም። ስለዚህ ከሚጠበቀው ላይ ዐሥር በመቶ ቀንሶ «ይህ የጥንቃቄ ግምት ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። በምሳሌያችን እንዲህ ቢደረግ 58,860 ይገኛል፤ ይህም ከእውነተኛው የጥንቃቄ ግምት በ13,660 ሼክል ይበልጣል።

ሌላው የሚረሳ ነገር፣ የገቢ ምንጮቹ ለየብቻ አለመውደቃቸው ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም የጌታችን የመቃብሩና የትንሣኤው ቤተ ክርስቲያን ደጅ በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጋ ጊዜ፣ በ2016 ዓ.ም መጀመሪያም ጦርነት ተነሥቶ ብዙ አየር መንገዶች በረራ ባቋረጡ ጊዜ የተሳላሚው መንገድ ተዘጋ። ተሳላሚ ካልመጣ ስጦታም አዲስ አባልም በአንድነት ይቀራሉ። በዚያው ጊዜ በሆቴልና በምግብ ቤት የሚሠሩ ነዋሪ አባላት ሥራቸው ስለሚቆም መዋጮአቸውም ይዘገያል። ስለዚህ የጥንቃቄው ግምት ሲሠራ አንዱን ምንጭ ዝቅ አድርጎ ሌላውን እንደ ነበረ መተው አይገባም፤ አንድ ምክንያት የሚነካቸው ሁሉ በአንድነት ዝቅ ይላሉ።

አሁን ግምቶቹን ለውሳኔ እንጠቀምባቸው። የማኅበሩ የማይቀር ወጪ፣ ማለትም የመሰብሰቢያው ኪራይ፣ የሕመምተኞች መርጃና የቀብር ወጪ፣ በዓመት 43,000 ሼክል ነው እንበል። ይህ ከጥንቃቄው ግምት በታች ስለሆነ ሊጸድቅ ይችላል። አንድ አባል ተነሥቶ ለእንግዶች ማረፊያ የሚሆን ክፍል በወር 1,200 ሼክል እንከራይ ቢል ወጪው 57,400 ይደርሳል። ዐሥር በመቶ በመቀነስ የተገኘው ግምት ይህን ያሳልፈዋል። እውነተኛው የጥንቃቄ ግምት ግን የ12,200 ሼክል ጉድለት ያሳያል፤ ያም ጉድለት የሕመምተኛው መርጃ ነው። ስለዚህ ክፍሉ «አይሆንም» አይባልም፤ ምልክት እስኪታይ ይቆያል።

ምልክቱ በጥር መጨረሻ ይታያል። መዋጮው በየወሩ እኩል ከገባ፣ በአምስቱ ወራት የሚጠበቀው ግምት 22,000፣ የጥንቃቄው ደግሞ 17,500 ሼክል ያህል ያሳያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ በመስከረም የዓመቱን 360 ሼክል በአንድ ጊዜ የከፈለ አባል ቢኖር፣ የአምስቱ ወር ድርሻ 150 ብቻ ነው። የቀረው ለሚመጡት ወራት ካልተለየ ሣጥኑ ሞልቶ ይታያል፤ በኋላ ግን ይጎድላል። ሁለተኛው ምልክት ከፋሲካ በኋላ፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ስጦታውና አዲሶቹ አባላት ሲቆጠሩ ይገኛል። ሁለቱም የሚጠበቀውን ግምት ከደረሱ ክፍሉ ከሰኔ ጀምሮ ቢከራይ የዚህ ዓመት ተጨማሪ ወጪ 3,600 ሼክል ብቻ ነው። ነገር ግን የኪራይ ውል ወደሚቀጥለው ዓመት ስለሚሻገር፣ ከመፈረሙ በፊት የሚቀጥለው ዓመት የጥንቃቄ ግምት 57,400ውን መሸከም መቻሉ ይታያል። ካልቻለ ለሦስቱ ወራት ብቻ የሚሆን ውል ይፈለጋል፤ ካልተገኘም ይቀራል።

ጉባኤው ሲሰበሰብ ሦስቱም ድምሮች ከነምክንያታቸው በአንድ ገጽ ይነበቡ፤ ከየድምሩም ጎን ስንት አባል፣ ስንት ወር፣ ስንት ስጦታ ተብሎ እንደተቆጠረ ይጻፍ። በጥር የሚቀርበው ሒሳብ ከዚያ ገጽ ጋር ሲነጻጸር፣ የተሳሳተው የትኛው ቁጥር እንደሆነ ገንዘብ ያዡም አባላቱም ያውቃሉ። የሚመጣው ነሐሴ ግምትም ከዚያ ይጀምራል።