«ሲስተሙ ተከፍቷል» ማለት «ሲስተሙ ይሠራል» ማለት አይደለም

ልደታ አካባቢ ባለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አየን። «ለሲስተም ማሻሻያ ሲባል ከዓርብ ከሰዓት እስከ ማክሰኞ ጠዋት አገልግሎት አንሰጥም። ለትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ትዕግሥታችንን ማን ጠየቀን? የሆነው ሆኖ ማክሰኞ ተከፈተ፤ ሁሉም ደስ አለው። ሐሙስ ዕለት አንዲት እናት ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ስማቸውን ጽፋ ፈለገችና «እማማ፣ ይቅርታ፣ ሲስተሙ ላይ አልተመዘገቡም» አለቻቸው። «ልጄ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ማን ጋ ነው ታዲያ የቆጠብኩት?» አሉ እማማ።

ስማቸው አልጠፋም ነበር። ብራቸውም አልጠፋም። የጠፋው ጥያቄውና መልሱን የሚያገናኘው ነገር ነው። ዛሬ የምንጨቃጨቀውም በዚሁ ጉዳይ ነው፦ አገራችን ውስጥ የዳታቤዝ ማሻሻያ የሚመዘነው «ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም?» በሚል ነው። እኛ ደግሞ ሚዛኑ ይህ አይደለም እንላለን። ሚዛኑ «ትናንት የጠየቅነውን ዛሬ ብንጠይቀው ያንኑ ይመልሳል ወይ?» የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበሩ ማይኤስኪውኤል 5.7 ላይ ነበር። የዚህ ቨርዥን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ስላበቃ መነሳት ነበረበት፤ «የሚሠራን ነገር አትንኩ» የሚሉትን ወገኖች እዚህ ላይ አንደግፍም። ከ5.7 በቀጥታ ወደ 8.4 መዝለል አይቻልምና መጀመሪያ 8.0ን መርገጥ ግድ ነው። ባለሙያው ምን አደረገ? ሲስተሙን ዘጋ፣ ዳታውን በ`mysqldump` ወደ ፋይል ገለበጠ፣ አዲሱ ላይ መልሶ ጫነ። ስህተት የሚል መልእክት አንድም አልመጣም።

ጉዱ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። ዳታቤዝ ሁለት ቃላት እኩል ናቸው አይደሉም የሚለውን የሚወስንበት ደንብ አለው፤ ኮሌሽን ይሉታል። 5.7 ላይ የ`utf8mb4` መደበኛ ደንብ `utf8mb4_general_ci` ነው። መደበኛ ስለሆነም ገልባጩ ስሙን አይጽፈውም። 8.0 ፋይሉን ሲያነብ የደንብ ስም ስላላገኘ የራሱን መደበኛ ደንብ፣ `utf8mb4_0900_ai_ci`ን ይሰጠዋል። የድሮው ደንብ በስም መጨረሻ ላይ ያለ ባዶ ቦታን አይቆጥርም። አዲሱ ይቆጥራል። የማያምን 8.0 ላይ ይሞክረው፦

```sql
SELECT 'ሐና ' = 'ሐና' COLLATE utf8mb4_general_ci;   -- 1
SELECT 'ሐና ' = 'ሐና' COLLATE utf8mb4_0900_ai_ci;  -- 0
```

ከስድስት ዓመት በፊት የእማማን ስም የመዘገበ ሰው ከመጨረሻው ፊደል በኋላ አንዴ ስፔስ ነክቷል። በቃ፤ ጥፋቱ ይኸው ነው። ስድስት ዓመት ማንም ሳያውቀው ቆይቶ በአንድ ቅዳሜና እሁድ እማማን ከአባልነት አስወጣቸው። እንዲህ ያለ ስም ስንት ነው? ለዚህ አራት ቀን መዝጋት አያስፈልግም፤ አሮጌው ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦

```sql
SELECT COUNT(*) FROM members
WHERE CHAR_LENGTH(name) != CHAR_LENGTH(RTRIM(name));
```

«ማሻሻያ ያለ መዝጋት አይሆንም» የሚሉንም አሉ። ይሆናል። የሚሠራው ማሽን ሳይቆም በ`xtrabackup` ኮፒ ይወሰዳል። ኮፒው ሌላ ማሽን ላይ በዚያው በ5.7 ይነሳና ዋናውን በሬፕሊኬሽን ይከተላል፤ ማለትም ዋናው ላይ የተጻፈው ሁሉ ወዲያው እሱም ላይ ይጻፋል። ከዚያ ኮፒው ላይ ብቻ 8.0 ይጫናል። ፋይሎቹ ስላልተገለበጡ የድሮው ደንብም እንዳለ ይቆያል። ደንበኛው በዚህ ሁሉ ጊዜ ብሩን ያስገባል፣ ያወጣል፤ ምንም አያውቅም። የመዛወሩ ዕለት ማታ አሮጌው እንዳይጻፍበት በ`super_read_only` ይዘጋል፣ አዲሱ የቀረውን ጨርሶ እስኪደርስ ይጠበቃል፣ ፕሮግራሙ ወደ አዲሱ አድራሻ ይዞራል። ይህ በደቂቃዎች የሚቆጠር ሥራ ነው።

ታዲያ ከዚያ ማታ በፊት ነው ዋናው ሥራ። ዋናው ማሽን ላይ `long_query_time` ዜሮ ተደርጎ ስሎው ሎግ ሲከፈት ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ጥያቄ ሁሉ ይመዘገባል። (ዲስኩ እንዳይሞላ ዓይን ይፈልጋል፤ የሰው ስምና ሒሳብም ስላለበት ፍላሽ ላይ ይዞ መዞር አይገባም።) ከዚያ አንድ በ5.7፣ አንድ በ8.0 ያሉ ሁለት ኮፒዎች በአንድ ነጥብ ላይ እንዲቆሙ ይደረግና ያው ጥያቄ ለሁለቱም ይቀርባል፦

```
pt-upgrade h=aroge h=addis slow.log
```

መሣሪያው በነባሪው የሚያነቡ ጥያቄዎችን ብቻ ያስኬዳል፤ መልሳቸው፣ የረድፋቸው ብዛት ወይም ፍጥነታቸው ከተለያየ ይነግራችኋል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ብልሽት ታያላችሁ። አንደኛው የሚጮኸው ነው። የተማሪ ውጤት የሚይዝ ፕሮግራም `rank` የሚል ዓምድ ካለው 8.0 ላይ ቃሉ ለራሱ ለዳታቤዙ የተያዘ ስለሆነ ጥያቄው በስህተት ይመለሳል። ይሄኛው ደግ ነው፤ ጮሆ ይናገራል። ሁለተኛው ዝም የሚለው ነው። 5.7 `GROUP BY` ሲባል መልሱን በዚያው ቅደም ተከተል ደርድሮ ይሰጥ ነበር፤ 8.0 ግን `ORDER BY` ካልተባለ አይደረድርም። የመጀመሪያውን ረድፍ «ትንሹ ቁጥር» ብሎ የሚወስድ ፕሮግራም ሌላ ቁጥር ይወስዳል፤ ማንም አይጮህም። የእማማም ነገር ከዚህኛው ወገን ነው።

ዝምታው ምን ያህል እንደሚያስከፍል በመጋቢት 2016 አይተናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በአንድ ሌሊት ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ባንኩ ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን የሲስተም ማሻሻያ ሥራ መሆኑን ገለጸ። የዳታቤዝ ቨርዥን ቅየራ ነበር አላልንም። የምንለው ያ ሲስተም ያን ሌሊት ተዘግቶ አልነበረም ነው። ክፍት ነበር፣ ይመልስ ነበር፤ የሚመልሰው ግን ስህተት ነበር። ቢዘጋ ይሻል ነበር!

መንገዳችን ምሉዕ ነው አንልም። የአንድ ሳምንት ሎግ የወር መጨረሻ ሪፖርትን አያውቀውም፤ የሰኔ 30 መዝጊያንና የጳጉሜን ወለድ ስሌት ደግሞ ጭራሽ አያውቃቸውም። እነዚህን ከሒሳብ ክፍል ሰዎች ጋር ተቀምጦ በእጅ መልቀምና ማስኬድ ያስፈልጋል። ሌላው፣ አዲሱ ላይ መጻፍ ከተጀመረ በኋላ መመለሻ የለም፤ ከ8.0 ወደ 5.7 የሚደረግ ሬፕሊኬሽን ድጋፍ የለውም። ስለዚህ በመዛወሩ ማታ አዲሱ ገና ለጽሑፍ ሳይከፈት የተመረጡ ጥያቄዎች አንድ ጊዜ ተጠይቀው «እንሂድ» ወይም «እንመለስ» መባል አለበት። ያቺ ደቂቃ ካለፈች ወዲያ ጸጸት ብቻ ነው።

ለአለቆች አንድ ነገር እንበል። ባለሙያችሁ ሰኞ ጠዋት «ተሳክቷል» ሲላችሁ «ተከፈተ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ስንት ጥያቄ አወዳደርክ? ስንቱ ተለያየ? የተለያዩትን አሳየኝ» በሉት። መልስ ከሌለው ማወዳደሩን የተወው ለደንበኛው ነው ማለት ነው። ያቺ እናት ደብተራቸውን ይዘው የሠሩት ሥራ ይኸው ነበር፤ ያውም ተሰልፈው፣ ያለ ደመወዝ።