ግማሽ ዓረፍተ ነገር ይዞ የሚዞረው ስክሪንሾት

አንድ ባለሥልጣን ለውጭ ጣቢያ በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ይሰጣል እንበል። ጋዜጠኛው ያጣድፈዋል፤ እሱም በፍጥነት ይመልሳል። መልሱ በአማርኛ «ድርድሩ ሳያልቅ ድንበሩን እንዘጋለን ብለን አናውቅም» ማለት ነው። ሰብታይትሉ ግን ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል። መጀመሪያ «ድርድሩ ሳያልቅ ድንበሩን እንዘጋለን» ይላል። 2 ሰከንድ ቆይቶ ይጠፋና «ብለን አናውቅም» ይተካዋል። በመጀመሪያው ላይ ስክሪንሾት ያነሳ ሰው የያዘው የንግግሩን ተቃራኒ ነው። ማታ ከቻናል ቻናል የሚዞረውም ያ ምስል ነው።

ተርጓሚው አልዋሸም፤ ቃሉ ሁሉ ትክክል ነው። የተሳሳተው የቆረጠበት ቦታ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በእንግሊዝኛው ልክ ሰዓቱ ተከፋፍሎ በተዘጋጀ ፋይል ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «አላልንም» የሚለው ይቀድማል፣ የድንበሩ ነገር ይከተላል፤ መሃል ላይ ቢቆረጥም አንባቢው ማስተባበያውን አስቀድሞ አይቶታል። አማርኛ ግን ማሰሪያ አንቀጹን ከነአሉታው መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ይባስ ብሎ፣ ከ«ብለን» በፊት ያለው ንግግር ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመስላል። «እንዘጋለን» ላይ የቆመ አንባቢ የቀረ ነገር እንዳለ በምን ይጠርጥር?

ቀላሉ መፍትሔ የሁለቱን ጽሑፎች ጊዜ አዋህዶ አንድ ላይ፣ በሁለት መስመር ማሳየት ነው፦

ድርድሩ ሳያልቅ
ድንበሩን እንዘጋለን ብለን አናውቅም።

ተናጋሪው ሳይተነፍስ ሲቀጥል ግን ለዚህ ቦታ ላይገኝ ይችላል። መከፈሉ ግድ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ እንደገና ይሠራ። የመጀመሪያው ጽሑፍ «ድርድሩ ሳያልቅ ድንበሩን እንዘጋለን የሚል ቃል» ይሁን፤ ቀጣዩ «ከአፋችን ወጥቶ አያውቅም»። ሐሳቡ አልተለወጠም፤ የመጀመሪያው ግን ያላለቀ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ስክሪንሾት ቢነሳም አንባቢው «ምን ሆነ?» ብሎ ቀጣዩን ይፈልጋል።

አስቸጋሪው ጋዜጠኛው መሃል ላይ ሲያቋርጥ ነው። እንግሊዝኛው «አላልንም» ካለ በኋላ ቢቆረጥ አሉታው ተነግሯል። አማርኛው ተራውን ጠብቆ ከሄደ ግን አሉታው ሳይደርስ ይቀራል። እዚህ ጋ ሰዋስው አክባሪው ቅር ቢለውም «አላልንም፣ ድንበሩን እንዘጋለን…» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

«ፊደል ቆጥሮ የሚከፍለው ሶፍትዌሩ ነው» የሚል ምክንያት ይቀርባል። እውነት ነው፤ ሶፍትዌሩ የመስመሩን ርዝመት እንጂ ሐረጉን አያይም። ለዚህም ነው «የውጭ ጉዳይ» በአንድ መስመር፣ «ሚኒስትሩ» በሌላ መስመር የሚወድቀው። ያ ዓይን ያደናቅፋል እንጂ ትርጉም አይገለብጥም። የ«እንዘጋለን»ን ዓይነት ለመያዝ ተርጓሚው ከመልቀቁ በፊት ቀጣዩን በእጁ ሸፍኖ እያንዳንዱን ጽሑፍ ለብቻው ያንብበው። ለ10 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው፤ ማስተባበያ ከመጻፍ ያነሰ ጊዜ ነው።