የቤት እመቤት ዓምድ፦ ወጥ በትንሽ ቡታጋዝ



አንዲት የቡሬ እህታችን የሥጋ ወጥ አልበስል እያለ ጋዝ እንደሚጨርስባት ጽፋልናለች። ጅቡቲ ያለችው እህቷ ቶሎ ታወጣዋለች፤ እሷ ግን እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፍታም ሥጋው ይደርቅባታል። እሳቱን ባትጨምር ኖሮ ጋዙ ባልባከነ ነበር።

ጥፋቱ የሥጋውም የእጇም አይደለም። ፍኖተ ሰላም ወደ 1,900 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ብለው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውኃ በእነርሱ ዘንድ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ውኃ ደግሞ አንዴ ከፈላ በኋላ ክዳኑ በተለመደው ድስት ውስጥ ምንም ያህል እሳት ብትጨምሩበት ከዚያ በላይ አይሞቅም። የተጨመረው እሳት ውኃውን ወደ እንፋሎት ለውጦ ከማባረር በቀር ለሥጋው የሚያደርግለት ነገር የለም። በእርጋታ የሚፈላና እየተንተከተከ የሚገነፍል ወጥ ሙቀታቸው አንድ ነው።

ለዚህ እንፋሎት የሚከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ከድስት አንድ ሊትር ውኃ ተንኖ እንዲያልቅ በግምት ከ80 እስከ 100 ግራም ጋዝ ይቃጠላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳይከደን በከፍተኛ እሳት የፈላና ሁለት ሊትር ውኃ የተጨመረበት ወጥ እንግዲህ ወደ 180 ግራም የሚጠጋ ጋዝ ወደ ጣሪያ ልኳል ማለት ነው። ስድስት ኪሎ ጋዝ ለሚይዝ ሲሊንደር ይህ ብዙ ነው።

አንድ ኪሎ የወርች ሥጋ በአንድ ኪሎ ሽንኩርት እንሥራ። የደቀቀውን ሽንኩርት ያለ ዘይት አድርጋችሁ በመካከለኛ እሳት ለአሥር ደቂቃ ክደኑት፤ በራሱ ውኃ ይለሰልሳል። ከዚያ ክዳኑን አንስታችሁ ውኃው ሲመጥ ዘይቱን፣ ቀጥሎም የቡሬ በርበሬያችሁን ጨምሩ። እዚህ ላይ ክዳን አያስፈልግም፤ በርበሬው እንዳያር ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ግድ ነው። ቁሌት ላይ ጋዝ ለመቆጠብ የሚጣደፍ ወጡን ያበላሻል፤ ቁጠባው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ሥጋውን ጨምራችሁ ካገላበጣችሁ በኋላ እስኪሸፍነው ድረስ ትኩስ ውኃ አፍሱበት፤ አንድ ጊዜ ሲፈላ አረፋውን ግፈፉ። አሁን ክደኑና ቁልፉን ቀስ እያላችሁ ዝቅ አድርጉ። ልኩ በጆሮም በዓይንም ይታወቃል። ክዳኑ የሚንኳኳ ከሆነ እሳቱ በዝቷል። ከፈት አድርጋችሁ ስታዩ አረፋው እዚህም እዚያም አንድ አንድ እያለ ብቅ የሚል ከሆነ ትክክል ነው። ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ትንሽ ጨምሩ። ሥጋው በሹካ ሲነካ እስኪላላ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ በየአምስት ደቂቃው እየከፈቱ ማየት ግን ያጠራቀማችሁትን እንፋሎት መልቀቅ ነው።

ክዳኑ የጎበጠ ወይም ልክ ያልሆነ እንደሆነ በምትኩ ጎድጓዳ ሰሃን ድስቱ ላይ አስቀምጡና ውኃ ጨምሩበት። እንፋሎቱ የሰሃኑን ቂጥ ነክቶ ተመልሶ ይንጠባጠባል፤ ሰሃኑ ላይ ያለው ውኃ ደግሞ ይሞቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘርን (ረ.ዐ.) መረቁን አብዝቶ ለጎረቤት እንዲያካፍል መክረውታል። ለጎረቤት የሚጨመረውም ውኃ ከዚሁ ሰሃን ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውኃ ፍሉን ያቆመዋል፣ እሳቱንም እንደገና ያስጨምራል። በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ክዳኑን አንስታችሁ ወጡን አወፍሩ፤ ቅቤና መከለሻውንም ያኔ ጨምሩ።

ትንሽ እሳት የራሱ አደጋ አለው። ነፋስ ወይም የገነፈለ ወጥ በቀላሉ ያጠፋዋል፤ ጋዙ ግን መውጣቱን ይቀጥላል። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ መስኮት ብቻ ሳይሆን በሩም ይከፈት። ጠፍቶ ሽታ ካለ ክብሪት አትጫሩ፣ መብራትም አትንኩ፤ ቁልፉን ዝጉና አየሩ እስኪጠራ ቆዩ። ወጥ በትንሽ እሳት ጥዶ ወደ ገበያ መውጣትም አይገባም።

አንዳንዶች ነፋስ ለመከላከል ቆርቆሮ ምድጃውን ዙሪያውን ያስጠጋሉ። ምድጃው በቀጥታ ሲሊንደሩ አናት ላይ የተገጠመ ከሆነ ይህ ሙቀቱን ወደ ሲሊንደሩ ይመልሰዋልና ክፉ ነው። መከላከያው በነፋሱ በኩል ብቻ፣ ራቅ ብሎ ይቁም። እንዲህ ዓይነቱ ምድጃ ትልቅ ድስት ሲጫንበት በቀላሉ ስለሚወድቅ ወለሉ የተስተካከለ፣ ልጆች የማይሮጡበት ይሁን።

ነበልባሉ ሰማያዊ መሆኑንም እዩ። ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ካለበሰው የአየር ቀዳዳው ወይም አፉ ተደፍኗል፤ እሳቱ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በቡሩሽ ይጠረግ። ነበልባሉ ከድስቱ ጎን አልፎ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ገና ዝቅ ማድረግ ይቀራችኋል።