ማሳሰቢያ፦ እንባ በማስረጃ ቦታ አይቀመጥ

የመመረቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ለምትገኙ ተማሪዎች ሁሉ፦

አርስቶትል የማሳመኛ መንገዶችን በሦስት ከፍሏቸዋል። ኢቶስ የተናጋሪው ተአማኒነት ነው፤ ፓቶስ የአድማጩ ስሜት፤ ሎጎስ ደግሞ ምክንያትና ማስረጃ። በጥናት ጽሑፍ የሚፈቀደው ሎጎስ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሦስቱም ቦታ አላቸው። አደጋው የሚመጣው አንዱ የሌላውን ቦታ ሲይዝ ነው።

የሐኪሙን የኢግናዝ ዜመልቫይስን ታሪክ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1847 በቪየና ሆስፒታል፣ የሕክምና ተማሪዎች በሚያዋልዱበት ክፍል እናቶች በወሊድ ትኩሳት ይረግፉ ነበር። አዋላጆች በሚሠሩበት ክፍል ግን የሚሞቱት በጣም ያነሱ ነበሩ። ልዩነቱ ተማሪዎቹ አስከሬን ከመረመሩ በኋላ ወደ ወላዶቹ መሄዳቸው መሆኑን ደረሰበት። እጃቸውን በክሎሪን ውህድ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሚያዝያ ከመቶ 18 ገደማ የነበረው ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ።

ሎጎሱ ጠንካራ ነበር። ግኝቱን በመጽሐፍ ያሳተመው ግን ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1861 ነው። ዘዴውንና ቁጥሩን ሌሎች እንዲመረምሩት በጊዜው በዝርዝር ጽፎ አላቀረበም፤ በዚህም ኢቶሱን አጓደለ። ከዚያ ወዲያ በግልጽ ደብዳቤዎቹ የማይስማሙትን ሐኪሞች ነፍሰ ገዳይ እያለ ከሰሰ። ለእናቶቹ መቆርቆሩ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ቁጣውን ማስረጃው ሊሞላው በሚገባ ቦታ አስገባው፤ ብዙዎቹም ጆሯቸውን ነፈጉት።

ስለዚህ ተጠንቀቁ። የፓቶስ ቦታ የችግሩ መግለጫ ነው። ጥያቄው ለምን እንደሚያሳስብ፣ ማን እንደሚጎዳ እዚያ ይነገር። ግኝትና መደምደሚያ ላይ ሲደርስ ግን ይቁም። «እናቶች ውሃ ፍለጋ ሲንገላቱ ማየት ልብ ይሰብራል፤ ስለዚህ ፕሮጀክቱ አልተሳካም» የሚል ዓረፍተ ነገር ብትጽፉ፣ «ስለዚህ» ከምን ላይ ቆመ? ልብ መሰበሩ የፕሮጀክቱን ውጤት አይለካም። ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊትና በኋላ እናቶቹ በውሃ መቅዳት ያጠፉት ሰዓት ግን ይለካዋል።

ኢቶስንም በማዕረግ አትፈልጉ። አርስቶትል እምነት ከንግግሩ ራሱ መወለድ አለበት ይላል፤ ስለ ተናጋሪው አስቀድሞ ከተያዘ ግምት አይደለም። «ታዋቂው ፕሮፌሰር እንዳሉት» የሚለው ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ፕሮፌሰሩ ያንን ያሉበትን ማስረጃ አሳዩ። ናሙናችሁ ትንሽ ከሆነ ትንሽ ነው በሉ። ግኝታችሁን የሚቃወም ጥናት ካለ በሚዛን አቅርቡት። አንባቢ የሚያምናችሁ በዚህ ነው።

ረቂቁን ለአማካሪያችሁ ከማስገባታችሁ በፊት ከመደምደሚያው ስሜት የሚነካውንና ማዕረግ የሚጠራውን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በእርሳስ ሰርዙ። የቀረው ድምዳሜውን ከተሸከመ ጽሑፋችሁ ቆሟል። ካልተሸከመ ወደ መረጃችሁ ተመለሱ።