ሌሊት የተጻፈ ፕሮግራም፣ ቅዳሜ የተሠራ ወፍጮ፦ ባለቤቱ ማን ነው?

በአዋሽ ሸለቆ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ ፍሬውን ከብቶች ይወዱታል፤ ነገር ግን ዘሩ ሳይደቅ በእበታቸው ስለሚወጣ በሄዱበት ሁሉ ይበቅላል። ፍሬው ከነዘሩ በወፍጮ ከተፈጨ ግን መኖ ይሆናል፤ ዘሩም የመብቀል ዕድል አያገኝም። እንግዲህ በአዋሽ ከተማ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ብየዳ የሚያስተምር ባለሙያ ለዚህ የሚሆን አዲስ ዓይነት ወፍጮ ሠራ እንበል። ብረቱን የገዛው በራሱ ገንዘብ ነው፤ የሠራውም ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ዘንጉን የቀረጸው ግን በኮሌጁ ቶርኖ ነው። በሰመራ ደግሞ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር የከብት ገበያ ዋጋን በስልክ የሚያሳይ ፕሮግራም በራሱ ላፕቶፕ፣ ሙቀቱ በሚበርድበት ሌሊት ጻፈ እንበል። የዋጋው መረጃ የተሰበሰበው በዩኒቨርሲቲው የምርምር ፕሮጀክት ነው።

ሁለቱም «በራሴ ጊዜ የሠራሁት የራሴ ነው» ይላሉ። ሆኖም ሁለቱን የሚዳኙት የተለያዩ ሕጎች ናቸው፤ ውጤቱም የተለያየ ነው።

ወፍጮው በአዋጅ ቁጥር 123/1987፣ ማለትም በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ሥር ይወድቃል። የዚህ አዋጅ አንቀጽ 7 ሦስት ሁኔታዎችን ይለያል። ሥራው የቅጥር ውሉን በመፈጸም የተገኘ ከሆነ፣ ተቃራኒ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ የአሠሪው ነው። ከቅጥሩ ጋር ግንኙነት ከሌለውና የአሠሪው ሀብት፣ መረጃ ወይም መሣሪያ ካልተነካ የሠራተኛው ነው። ከሁለቱም ውጭ ሆኖ የሠራተኛው የግል ጥረትና የአሠሪው ንብረት ከተጣመሩበት ግን የሁለቱ የጋራ፣ በእኩል ድርሻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ወፍጮ እንዲሠራ ካልታዘዘ፣ ቶርኖው ጉዳዩን ወደ ሦስተኛው ሁኔታ ይወስደዋል። ያንኑ ዘንግ በግል ጋራዥ ከፍሎ ቢያስቀርጽ ኖሮ መብቱ ሙሉ በሙሉ የእርሱ በሆነ ነበር። ሕጉ የሚጠይቀው ቅዳሜ መሆኑን ሳይሆን ሥራው ከውሉ ጋር ያለውን ግንኙነትና የማን መሣሪያ እንደዋለ ነው።

ፕሮግራሙ ግን በዚህ መንገድ አይዳኝም። ይኸው አዋጅ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከፓተንት ውጭ ያደርገዋል፤ ጥበቃ የሚያገኘው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በዚህ አዋጅ አንቀጽ 21 መሠረት፣ በቅጥር ሥራ ሂደት የተፈጠረ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብቱ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ይሆናል። የሥራው አመንጪ ግን በስሙ የመጠራት መብትን የመሰሉትን የሞራል መብቶች እንደያዘ ይቀጥላል። ስለ አሠሪው መሣሪያም ሆነ መረጃ አንቀጹ አይናገርም፤ መካከለኛ ድርሻም የለውም። «በሥራ ሂደት» ከተባለ አሠሪው ሁሉንም ይወስዳል፤ ካልተባለም ምንም አያገኝም።

ችግሩ በዩኒቨርሲቲ መምህር ላይ ይከብዳል። ግዴታው ማስተማር ብቻ አይደለም፤ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎትም አሉበት። የተቆረጠ የመውጫ ሰዓትም የለውም። የከብት ገበያ ዋጋን ለአርብቶ አደሩ ማድረስ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው የሚል አሠሪ መከራከሪያ አያጣም። መምህሩም ማንም እንዳላዘዘው ጠቅሶ ይከራከራል። ሁለቱም ፍርድ ቤት የሚደርሱት ፕሮግራሙ ገንዘብ ማስገኘት ከጀመረ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ የስምምነት ጊዜ አልፏል።

በእኔ አስተያየት ዩኒቨርሲቲዎች የአንቀጽ 7ን ሦስት ደረጃ በውስጥ ደንባቸውና በቅጥር ውላቸው ለፕሮግራምም ሊያውሉት ይገባል። አንቀጽ 21 «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል ይህን ለማድረግ አዋጅ ማሻሻል አያስፈልግም። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛትም ሠራተኛ በራሱ ጊዜ፣ ያለ አሠሪው መሣሪያ የሠራውንና ከአሠሪው ሥራ ጋር የማይያያዘውን ፈጠራ በውል አስገድዶ መውሰድን በሕግ ከልክሏል።

በዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል፦ እኩል ድርሻ ሁልጊዜ ፍትሐዊ አይደለም። የአንድ ሰዓት የቶርኖ አገልግሎት የዓመት ልፋትን ግማሽ መውሰድ የለበትም። ስለዚህ ደንቡ ድርሻውን በአስተዋፅኦ መጠን የሚወስን ስምምነትን መፍቀድ፣ እኩል ክፍፍልንም ስምምነት ለሌለበት ጊዜ ብቻ ማስቀረት አለበት።

እስከዚያው ተመራማሪው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሠራ፣ በማን መሣሪያና መረጃ፣ በማን ገንዘብ እንደሚሠራ በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ፣ የትምህርት ክፍሉን ፊርማ ይጠይቅ። የሰመራው መምህር ይህን ገጽ ቢጽፍ ኖሮ የዋጋው መረጃ የዩኒቨርሲቲው መሆኑ ገና ሲጀምር ይታየው ነበር፤ ፈቃድ መጠየቅ ወይም ሌላ ምንጭ መፈለግም ይችል ነበር።