ማታ ድንኳን ውስጥ የሚሰማው ሳቅ

ለቅሶ ቤት አምሽታችሁ የምታውቁ ይህ አይጠፋችሁም። ቀን እንባ ሲፈስበት የዋለው ድንኳን ማታ ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ ጥግ ካርታ ተይዟል፣ ሌላው ጥግ ስለ ሟቹ ጨዋታ ደርቷል፤ በመሀል ከት ብሎ የሚስቅ ይሰማል። ይህን አይቶ «ለሟች ክብር ቀረ» የሚል አይታጣም። እኔ አልስማማም።

እስቲ የሚስቀው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ከሩቅ የመጣው ሰውማ ይሉኝታ ይዞት ፊቱን አጨፍግጎ ነው የሚቀመጠው። ጨዋታውን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ የሟች ልጅ፣ ወንድም ወይም አብሮ አደግ ነው። ሟቹ «መብራት አጥፉ» እያሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉ አባት ናቸው እንበል። ታላቅ ልጃቸው ቀና ብሎ፣ «አባባ ይሄን ሁሉ አምፖል ቢያዩ ድንኳኑን ያስነቅሉት ነበር» ይላል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እህቱም ትስቃለች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ይቀድማታል። ጠዋት ሬሳ የነበሩት ሰው ለአፍታ ያ መብራት የሚያጠፉት አባት ሆነው ተመለሱላት። ሙሾ ያስለቀሳትም፣ ይህ ቀልድ ያሳቃትም ስለ አንድ ሰው ነው።

ጆርጅ ቦናኖና ዳከር ኬልትነር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እንደ ፈረንጆቹ በ1997 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። የትዳር ጓደኛቸው ከሞተ ስድስት ወር ገደማ የሆናቸው ሰዎች ስለ ሟቹ ሲናገሩ በቪዲዮ ተቀርጸው ፊታቸው ተጠና። ተመራማሪዎቹ የፈለጉት ከልብ የሆነውን ሳቅ ነው፤ እሱ አፍን ብቻ ሳይሆን የዓይን ዙሪያ ጡንቻንም ያኮማትራል። እንዲህ የሳቁት ሰዎች ንዴታቸው ያነሰ፣ ከሰው ጋር ያላቸው ግንኙነትም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሳቁ ፈወሳቸው ማለት ግን አይደለም፤ መጽናናት የጀመረ ሰው ስለሆነ የሳቀም ሊኖር ይችላል። ቢያንስ «የሳቀ አላዘነም» የሚለው ፍርድ ግን አያስኬድም።

መርዶ ሲነገረው በድንጋጤ የሚስቅም አለ። ያ ጨዋታ አይደለም። ሰውየው ራሱ ሊያቆመው እየሞከረ የሚያመልጠው ሳቅ ነው፤ በዚያ ሰዓት ማፈሪያ ማድረግ ጭካኔ ይመስለኛል።

ድንኳኑ የራሱ ሥርዓት አለው። አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ ሲገባ ካርታው ይታጠፋል፣ ወሬው ይቆማል፣ ሁሉም ተነሥቶ ያለቅሳል። ሲረጋጋ ጨዋታው ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይህን የሚያበላሸው ከሐዘንተኛው ቀድሞ የሚቀልደው እንግዳ ነው። ባለቤቷ የሞተባት ሴት መሬት መሬት እያየች፣ አጠገቧ ካርታ ጠረጴዛ ላይ እያጮኸ የሚጥል ካለ፣ የእድሩ ዳኛ «ኧረ ድምፅ ቀንሱ!» ቢል እኔም ከጎኑ ነኝ።