ከማሳ እስከ ድስት ስንት ቀን?

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖር አበሻ ጾም ሲገባ አትክልቱን የሚገዛው ቅዳሜ ወይም እሑድ ነው፤ ለሳምንቱ በሙሉ። ጎመኑ፣ ስፒናቹና ፎሶሊያው ፍሪጅ ይገባል፤ ሐሙስ ሲደርስ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ የላስቲኩ ታች ውሃ አቁሮ ይገኛል። በዚያው ሱቅ ውስጥ ያለው ፍሮዝን ጎመን የሚታለፈው «ትኩሱ ይሻላል» በሚል እምነት ነው። ይህ እምነት ለአንዳንድ አትክልት ልክ ሲሆን ለሌላው ስሕተት ነው፤ ልዩነቱም አትክልቱ ከተቆረጠ ስንት ቀን እንደሆነውና እንዴት እንደሚበላ ነው። ለቅጠላ ቅጠል፣ ለፎሶሊያና ለአተር እሸት፣ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ድስት ካልገቡ በስተቀር፣ ፍሮዝኑ በንጥረ ነገርም፣ በብክነትም፣ በዋጋም ይበልጣል። ለካሮት፣ ለጥቅል ጎመንና በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ ግን ትኩሱን የሚተካ የለም።

ቅጠል ከተቆረጠ በኋላም መተንፈሱን አያቆምም። ከሥሩ የሚመጣለት ምግብ ስለተቋረጠ ያከማቸውን ራሱ እየበላ ይቆያል፤ መጀመሪያ ከሚጎዱት መካከልም ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት ይገኙበታል። የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስፒናችን በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያቆዩት በስምንት ቀን ውስጥ ፎሌቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዶ አግኝተውታል፤ በ20 ዲግሪ ሲቀመጥ ደግሞ ለተመሳሳይ ጉዳት አራት ቀን ብቻ በቅቷል። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጠው ቅጠል አብዛኛው የሚመጣው ከካሊፎርኒያና ከአሪዞና ስለሆነ፣ ምሥራቅ ጠረፍ ላይ ላለ ሸማች የሳምንቱ ቆጠራ የሚጀምረው ከገዛበት ዕለት ሳይሆን ብዙ ቀን ቀደም ብሎ ነው። መደርደሪያው ላይ ውሃ ሲረጭበት አረንጓዴ ሆኖ መታየቱ ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም።

ፍሮዝኑም ቢሆን የሚከፍለው ዋጋ አለ። አትክልቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ ይነከራል ወይም በእንፋሎት ይታጠናል። ይህ ካልተደረገ ቀለሙንና ጣዕሙን የሚያበላሹት ኢንዛይሞች ፍሪዘር ውስጥም ቀስ እያሉ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ ደረጃ በውሃ ከሚሟሟው ቫይታሚን ከፊሉ ይጠፋል። ነገር ግን ጉዳቱ አንድ ጊዜ ደርሶ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ቅነሳው እጅግ ይዘገያል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት ስምንት ዓይነት አትክልትና ፍራፍሬ አወዳድሮ፣ በአምስቱ የቫይታሚን ሲ ልዩነት አላገኘም፤ በቀሩት ሦስቱ ያየለው ፍሮዝኑ ነበር። ይኸው ጥናት በአተርና በካሮት ቤታ ካሮቲኑ በፍሮዝኑ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል፤ ስለዚህ ፍሮዝን በሁሉም ነገር ይበልጣል የሚል ሰውም ከማስረጃው በላይ ሄዷል። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ያሳተሙት ደግሞ ለቤት ኑሮ ይበልጥ ይቀርባል። እነርሱ ሦስተኛ ምድብ ጨመሩ፤ ተገዝቶ አምስት ቀን ፍሪጅ የቆየውን። በአብዛኛው ልዩነት አልታየም፤ በፍሮዝኑና ፍሪጅ በቆየው መካከል በታየበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ያሸነፈው ፍሮዝኑ ነው።

እዚህ ላይ በእኛ ማዕድ ቤት የሚዘነጋ ነገር አለ። ትኩስ ጎመን ብዙ ሰው መጀመሪያ ቀቅሎ፣ ውሃውን ጨምቆ ደፍቶ፣ ከዚያ ነው ከሽንኩርትና ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚያቁላላው። የሚደፋው አረንጓዴ ውሃ ፎሌቱንና ቫይታሚን ሲውን ይዞ ይሄዳል። ፍሮዝን ጎመን በፋብሪካው አንዴ የፈላ ውሃ ስለቀመሰ ዳግም መቀቀል አያስፈልገውም፤ ሳይቀልጥ በቀጥታ ቁሌቱ ላይ ገብቶ በራሱ ውሃ ይበስላል። ስለዚህ ትኩሱን ቀቅሎ የሚጨምቅ ሰው በመጀመሪያ የነበረውን ብልጫ ራሱ ደፍቶታል ማለት ነው። ሁለቱን በፍትሕ ማወዳደር የሚቻለው ጥሬውን ሳይሆን ከድስት የወጣውን ይዞ ነው።

ወደ ዋጋው ስንመጣ፣ በመደርደሪያው ላይ የተለጠፈው ቁጥር ያሳስታል። አንድ ፓውንድ ትኩስ ስፒናች ግንዱ ወጥቶ ሲበስል የሚሰጠው መጠን 10 አውንስ ከሚመዝን አንድ ፓኮ ፍሮዝን ስፒናች ጋር ተቀራራቢ ነው። በዚህ ላይ ብክነቱ ይደመራል። ትኩሱ በፓውንድ 3 ዶላር ነው እንበል፤ ሲሶው በስብሶ ከተጣለ፣ በእርግጥ የተበላው ፓውንድ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወጥቶበታል። ፍሮዝኑ ለሚበላው ያህል አንድ አምስተኛ ቢወደድ እንኳ፣ ከሚገዛው ቅጠል ከስድስት አንድ እጁን በላይ የሚጥል ቤት በፍሮዝኑ ይጠቀማል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚገምተው በ2022 በዓለም ላይ በሸማቹ በኩል ከባከነው ምግብ 60 በመቶ ያህሉ የተጣለው በመኖሪያ ቤት ነው። ፍሮዝኑ የሚፈለገው ያህል ተቆንጥሮለት ቀሪው ስለሚመለስ ይህን ቀዳዳ ይደፍናል። ካሮትና ጥቅል ጎመን ግን ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት ስለሚቆዩና በትኩስነታቸውም ርካሽ ስለሆኑ፣ ለእነርሱ ፍሮዝን መግዛት ያለ ጥቅም ገንዘብ ማውጣት ነው።

ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው ፍሮዝን «ኬሚካል አለበት» የሚለው ነው። ተራው ፍሮዝን አትክልት እንዳይበላሽ የሚጠብቀው ቅዝቃዜው ስለሆነ ማቆያ አያስፈልገውም፤ ከላስቲኩ ጀርባ የአትክልቱ ስም ብቻ ተጽፎ ሲገኝ ጥሩ ነው። ሶስ ያለበት ዓይነት ግን ጨው፣ ቅቤና አይብ ሊኖርበት ስለሚችል ጿሚ ሰው ማንበብ ይኖርበታል። ሁለተኛው ጣዕሙ ነው፤ ይህ እውነትነት አለው። በረዶው የቅጠሉን ሕዋስ ስለሚቀድደው ሲቀልጥ ይልፈሰፈሳል፤ ለሰላጣ አይሆንም። ተቁላልቶ ለሚለሰልስ ጎመን ግን ይህ ጉድለት እምብዛም አይታወቅም። ሦስተኛውና ከባዱ የደኅንነት ጉዳይ ነው። በአውሮፓ ከ2015 እስከ 2018 በፍሮዝን በቆሎ ሳቢያ በተዛመተ ሊስቴሪያ 47 ሰዎች ታመው ዘጠኙ ሞተዋል። ቅዝቃዜ ተሐዋስያንን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ ስለዚህ ፍሮዝን አትክልት በደንብ ሳይበስል አይበላም፤ ይልቁንም እርጉዞችና አረጋውያን ይጠንቀቁ። ላስቲኩ ሲነካ እንደ ጠጠር ካልተበታተነና አንድ ድንጋይ ከሆነ፣ በመንገድ ቀልጦ እንደገና ሳይቀዘቅዝ አልቀረም፤ አለመግዛት ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር መብራት በማይቋረጥበት አገር የቆመ ነው። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት ቅዝቃዜውን የሚይዘው ሁለት ቀን ያህል፣ ግማሽ የሆነው ደግሞ አንድ ቀን ያህል ነው። አገር ቤት ከጓሮ ወይም ከቅርብ ማሳ ጠዋት ተቆርጦ ጉሊት የወጣ ጎመን በዚያው ቀን ሲበስል የሚስተካከለው ፍሮዝን የለም፤ የረጅም መንገዱ ዕዳ አልደረሰበትምና። ለዚያ ገዢ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መግዛት ከሁሉም የተሻለ ማቆያ ነው። በውጭ አገር ያለውም በበጋ ከገበሬዎች ገበያ ትኩስ ጎመን በርካሽ ሲያገኝ ራሱ ሊያቀዘቅዘው ይችላል፤ ሦስት ደቂቃ በፈላ ውሃ፣ ወዲያው በበረዶ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ተንጠፍጥፎ ፍሪዘር።

እንግዲህ ገዢው ሱቅ ውስጥ ራሱን የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ይህን የማበስለው መቼ ነው? ጥሬውን ነው ወይስ ተሠርቶ የሚበላው? ነገ ለሚሠራና በጥሬው ለሚበላ ትኩሱን ይግዛ። ከረቡዕ በኋላ ድስት ለሚገባ ቅጠልና ፎሶሊያ ግን ቅዳሜ ዕለት ፍሮዝኑን ያንሣ፤ ሐሙስ ቀን ከሁለቱ የበለጠ ንጥረ ነገር ይዞ የሚገኘው፣ የሚጣልም የሌለው እሱ ነው።